«የ6 ዓመት እፎይታን ጨምሮ በ38 ዓመት ተከፍሎ የሚያልቅ»፦ ስለ መንግሥት የልማት ብድር ስምምነት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የብድር ስምምነት ባጸደቀ ቁጥር በዜና የምንሰማው ዓረፍተ ነገር ይህን ይመስላል፦ «ብድሩ ከወለድ ነጻ ሆኖ 0.75 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ የሚታሰብበት፣ የ6 ዓመት የእፎይታ ጊዜን ጨምሮ በ38 ዓመት ተከፍሎ የሚያልቅ ነው»። በዚህ መልክ የሚያበድረን በዋናነት ከዓለም ባንክ ቡድን አንዱ የሆነው ዓለም አቀፉ የልማት ማኅበር ነው፤ በባለሙያዎች ዘንድ «አይዳ» ይባላል። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ይህንኑ ዓረፍተ ነገር ይፈቱታል። ስሌቱን ለማቅለል 100 ሚሊዮን ዶላር የሆነ ብድር በምሳሌነት ወስደናል፤ ገንዘቡም በመጀመሪያው ቀን ሙሉ በሙሉ እንደተለቀቀ ቆጥረናል።

በእፎይታ ጊዜው ምንም ገንዘብ አይከፈልም ማለት ነው?

አይደለም። በእፎይታ ጊዜ የማይከፈለው ዋናው ብድር ብቻ ነው። የአገልግሎት ክፍያው፣ ወለድ ያለው ብድር ከሆነም ወለዱ፣ ገንዘቡ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ ይታሰባል፤ በየስድስት ወሩም ይከፈላል።

በምሳሌያችን 0.75 በመቶ የ100 ሚሊዮን ዶላር በዓመት 750,000 ዶላር ይሆናል። በየስድስት ወሩ 375,000 ዶላር መክፈል ማለት ነው። ስድስቱ ዓመታት ሲያልቁ 4.5 ሚሊዮን ዶላር ወጥቷል፤ ዋናው ዕዳ ግን አሁንም 100 ሚሊዮን ነው፤ አንድ ዶላር አልቀነሰም።

በተግባር ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ስለማይለቀቅ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ክፍያ ከዚህ ያነሰ ነው። ክፍያው የሚሰላው በወጣውና ገና ባልተመለሰው ገንዘብ ላይ ነው። በመጀመሪያው ዓመት 10 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ከወጣ፣ የዓመቱ የአገልግሎት ክፍያ ቢበዛ 75,000 ዶላር ነው።

እፎይታው መቆጠር የሚጀምረው ከመቼ ነው? ፕሮጀክቱ ካለቀ በኋላ ነው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርገን እንመልሰዋለን።

የእፎይታ ጊዜ የሚቆጠረው በቀን መቁጠሪያ እንጂ በፕሮጀክቱ ሂደት አይደለም። በአይዳ ብድር 6ቱም ሆነ 38ቱ ዓመት የሚሰሉት የባንኩ የዳይሬክተሮች ቦርድ ብድሩን ከፈቀደበት ጊዜ ተነስቶ ነው። በስምምነቱ መጨረሻ በተያያዘው የአመላለስ ሠንጠረዥ ላይ ዋናው ብድር መከፈል የሚጀምርበት ቀንና የመጨረሻው ክፍያ ቀን በግልጽ ተጽፈው ይገኛሉ። መንገዱ ተሠራ አልተሠራ፣ ውኃው ቧንቧ ውስጥ ገባ አልገባ፣ ቀኑ አይንቀሳቀስም።

አሁን አንድ የመንገድ ፕሮጀክት እናስብ። ቦርዱ ከፈቀደ በኋላ ስምምነቱ ይፈረማል፤ ከዚያ ወደ ምክር ቤት ይሄዳል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 12 መሠረት ሥራ አስፈጻሚው የሚዋዋላቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሚያጸድቀው ምክር ቤቱ ነው። ከጸደቀ በኋላ ስምምነቱ በአገሪቱ ሕግ የሚጸና መሆኑን የሚገልጽ የሕግ አስተያየት ለአበዳሪው ይላካል፤ ስምምነቱ በሥራ ላይ መዋሉ የሚታወጀው ከዚህ በኋላ ነው። ይህ ሁሉ ስድስት ወር ወሰደ እንበል። ጨረታ ማውጣት፣ መገምገምና ውል መፈረም አንድ ዓመት ተኩል፤ የወሰን ማስከበርና የካሣ ክፍያ አንድ ዓመት፤ ግንባታው አራት ዓመት። ድምሩ ሰባት ዓመት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው የዋና ብድር ክፍያ ሲመጣ መንገዱ ገና አላለቀም። ስድስት ዓመት የተሰጠው ፕሮጀክቱ ተጠናቆ ለኢኮኖሚው ጥቅም መስጠት እስኪጀምር ፋታ እንዲሆን ነበር፤ ፋታው ግን በጨረታና በካሣ ክርክር አለቀ። አንድ ስምምነት ሲጸድቅ «እፎይታው ስንት ዓመት ነው?» ብሎ ማቆም አይበቃም። «ጨረታው ወጥቷል ወይ? ወሰኑ ተከብሯል ወይ?» ብሎ መጠየቅ የእፎይታውን እውነተኛ ርዝመት ያሳያል።

አጭር የመክፈያ ጊዜ ባላቸው ብድሮች ላይ ይህ ችግር ይብሳል። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር መስመር በቻይና ብድር ተሠርቶ በ2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መደበኛ አገልግሎት ሲጀምር የብድሩ መክፈያ ጊዜ ገቢው ሊሸከመው ከሚችለው በላይ አጭር ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከቻይና ጋር በተደረገ ድርድር የመክፈያ ጊዜው ከ10 ወደ 30 ዓመት እንደተራዘመ አስታወቁ።

38 ዓመት ሲባል እፎይታው በውስጡ ነው ወይስ ከዚያ ውጭ ነው?

በውስጡ ነው። «ጨምሮ» የሚለው ቃል የገባው ለዚህ ነው። ዋናው ብድር የሚከፈለው በቀሪዎቹ 32 ዓመታት ሲሆን በየዓመቱ 3.125 በመቶ፣ በየስድስት ወሩ ደግሞ ግማሹ ማለትም 1.5625 በመቶ ይመለሳል። በምሳሌያችን በየስድስት ወሩ 1,562,500 ዶላር፣ በጠቅላላው 64 ክፍያ ይሆናል።

የበጀት ባለሙያዎች የሚያሳስባቸው ከ6ኛው ዓመት ወደ 7ኛው የሚደረገው ዝላይ ነው። በ6ኛው ዓመት የሚከፈለው 750,000 ዶላር ነበር። በ7ኛው ዓመት ዋናው 3,125,000 ዶላር ሲጨመርበት፣ የአገልግሎት ክፍያው ትንሽ ቀንሶ እንኳ፣ ወደ 3.87 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል። ያው ብድር በአንድ ዓመት ልዩነት ከአምስት እጥፍ በላይ ይከብዳል። የብዙ ብድሮች እፎይታ በተቀራረቡ ዓመታት ሲያልቅ የዕዳ ክፍያው በጀቱ ላይ በአንድ ላይ ይወድቃል።

ከዚያ በኋላ ክፍያው ቀስ እያለ ይቀንሳል። በ22ኛው ዓመት መጨረሻ የዕዳው ግማሽ፣ 50 ሚሊዮን ዶላር፣ ይቀራል። በመጨረሻው በ38ኛው ዓመት የሚከፈለው 3.14 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ የዚያ ዓመት የአገልግሎት ክፍያ ከ18,000 ዶላር አይበልጥም።

ከወለድ ነጻ ከሆነ 0.75 በመቶው ከወለድ በምን ይለያል?

ስሌቱ ከወለድ አይለይም፤ በዓመት መቶኛ በቀሪው ዕዳ ላይ ይታሰባል። የሚለየው ዓላማው ነው። አይዳ ገንዘቡን አብዛኛውን ከለጋሽ አገሮች መዋጮና ከቀድሞ ብድሮች ተመላሽ ስለሚያገኝ ትርፍ አይጠይቅም፤ የአገልግሎት ክፍያው የሥራ ማስኬጃ ወጪውን እንዲሸፍን የታሰበ ነው። ከፋዩ ግን ከኪሱ የሚወጣውን ቁጥር ማየት አለበት።

ቁጥሩም ይህ ነው፦ በእፎይታው 4.5 ሚሊዮን፣ በቀሪዎቹ 32 ዓመታት 12.19 ሚሊዮን፣ በድምሩ ወደ 16.7 ሚሊዮን ዶላር። 100 ሚሊዮን ተበድሮ በ38 ዓመት ውስጥ 116.7 ሚሊዮን መመለስ ማለት ነው።

ይህን ከንግድ ብድር ጋር ስናስተያየው ልዩነቱ ይታያል። ኢትዮጵያ በ2014 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዓለም ገበያ የሸጠችው ዩሮቦንድ የተባለው የዕዳ ሰነድ 1 ቢሊዮን ዶላር፣ ወለዱ 6.625 በመቶ፣ ጊዜው 10 ዓመት ነበር። በዚያ ሁኔታ 100 ሚሊዮን ዶላር በ10 ዓመት 66.25 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ያስከፍላል፤ ዋናው ደግሞ በመጨረሻው ቀን በአንድ ጊዜ ይጠየቃል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ 0.75 በመቶ የሚለው መጠን ብድሩ ኤስዲአር በተባለው የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ሲገለጽ ነው። ብድሩ በዶላር ከተዋዋለ መጠኑ በሁለቱ ገንዘቦች የወለድ ልዩነት ስለሚስተካከል ከ0.75 ከፍ ሊል ይችላል። ስምምነቱ ላይ የተጻፈውን መቶኛ ማየት እንጂ ከዜናው መገመት አይገባም።

ያልወሰድነው ገንዘብም ያስከፍላል?

ሊያስከፍል ይችላል። ኮሚትመንት ክፍያ የሚባለው ይህ ነው፤ አበዳሪው ገንዘቡን ለእናንተ ይዞ በመቆየቱ ባልተለቀቀው መጠን ላይ የሚጠይቀው ክፍያ ነው። በአይዳ ስምምነቶች ጣሪያው 0.5 በመቶ ሲሆን ባንኩ በየዓመቱ ይወስነዋል፤ ለብዙ ዓመታትም ዜሮ ሲደረግ ቆይቷል። ዜሮ መሆኑ ግን የባንኩ ውሳኔ እንጂ የውሉ ቃል አይደለም፤ በውሉ የተጻፈው ጣሪያው ነው።

አንዳንድ ሌሎች አበዳሪዎች ግን በእርግጥ ያስከፍላሉ። ከዚህ በተጨማሪ ብድሩ ሲጀመር አንድ ጊዜ ብቻ የሚቆረጥ የአስተዳደር ክፍያ የሚጠይቁም አሉ። ጣሪያው 0.5 በመቶ የሆነ ክፍያ ሙሉ በሙሉ ቢታሰብ፣ ጨረታው ዘግይቶ 100 ሚሊዮን ዶላር ለአንድ ዓመት ሳይነካ ሲቀመጥ 500,000 ዶላር ይከፈልበታል፤ በዚያ ዓመት ለፕሮጀክቱ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ እንኳ አልተገዛም።

የመዝጊያ ቀን እና የመክፈያ ማብቂያ አንድ ናቸው?

አይደሉም። የመዝጊያ ቀን ፕሮጀክቱ ወጪ ማድረግ የሚያቆምበት ቀን ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከስምምነቱ አምስት ወይም ስድስት ዓመት በኋላ ይሆናል። ከዚያ በኋላ አስቀድሞ የወጡ ወጪዎችን ሂሳብ አቅርቦ ገንዘብ ለመውሰድ አጭር ጊዜ ይሰጣል፤ ሳይወሰድ የቀረው ይሰረዛል። ማብቂያው ደግሞ የመጨረሻው ዕዳ የሚከፈልበት 38ኛው ዓመት ነው።

የመዝጊያ ቀን ሲራዘም «ብድሩ ተራዘመ» የሚል ዜና ይወጣል። ይህ መክፈያውን አያራዝምም። የዋናው ብድር የመጀመሪያ ክፍያ ቀን እዚያው ነው።

መንግሥት 100 ሚሊዮን ዶላር ሲበደር በብር ስንት ነው የምንከፍለው?

ውሉ ዕዳው በየትኛው ገንዘብ እንደሚመለስ ይናገራል፤ በብር አይደለም። የአይዳ ብድሮች ለረጅም ጊዜ የሚገለጹት በኤስዲአር ሲሆን ይህ የዓለም የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) የሒሳብ መለኪያ ነው። ዋጋው ከአምስት ገንዘቦች፣ ከዶላር፣ ከዩሮ፣ ከዩዋን፣ ከየንና ከፓውንድ፣ የተሰላ ነው። አሁን በዶላርም በዩሮም መዋዋል ይቻላል።

የብር ዋጋ ሲወርድ ዕዳው በዶላር አይነካም፤ በብር ግን ያድጋል። እስከ ሐምሌ 2016 ድረስ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከእፎይታው በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ክፍያ፣ ዋናውንና የአገልግሎት ክፍያውን ጨምሮ፣ 1,937,500 ዶላር ነው። በ57 ብር ሲሰላ 110.4 ሚሊዮን ብር፣ በ110 ብር ሲሰላ 213.1 ሚሊዮን ብር ይሆናል። በውሉ ላይ አንድ ፊደል ሳይለወጥ የበጀቱ ሸክም እጥፍ ሊደርስ ተቃርቧል።

ብድሩን በመንግሥት ስም የሚወስደው የገንዘብ ሚኒስቴር ሲሆን ገንዘቡን ለልማት ድርጅት መልሶ ሲያበድር ሌላ ውል ይፈራረማል። በዚያ ውስጥ ወለዱም እፎይታውም ከዋናው የተለየ ሊሆን ይችላል። የምንዛሪውን ለውጥ የሚሸከመው ሚኒስቴሩ ነው ወይስ ድርጅቱ የሚለው የሚወሰነው በዚህ ሁለተኛ ውል ነው። የመንግሥት ድርጅት ሒሳብ ሲታይ በድንገት የሚመጣ የምንዛሪ ኪሳራ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይነሳል።

ብድር በእርግጥ «ርካሽ» መሆኑ በምን ይለካል?

ዝቅተኛ ወለድ ብቻውን አይበቃም። አይኤምኤፍና ዓለም ባንክ የሚጠቀሙበት መለኪያ የድጋፍ ይዘት ይባላል። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ከዛሬ 30 ዓመት በኋላ የሚከፈል አንድ ዶላር ዛሬ ከሚከፈለው ያነሰ ዋጋ አለው። ስለዚህ የወደፊት ክፍያዎች ሁሉ በዓመት 5 በመቶ እየተቀነሱ ወደ ዛሬ ዋጋ ይመለሳሉ፤ ከዚያ ድምራቸው ከተሰጠው ገንዘብ ላይ ይቀነሳል። የቀረው እንደ እርዳታ ይቆጠራል። ብድር ኮንሴሽናል የሚባለው ይህ ቀሪ ቢያንስ 35 በመቶ ሲሆን ነው።

የእኛን ምሳሌ እንየው። የሁሉም ክፍያዎች የዛሬ ዋጋ 46.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይመጣል። ከ100 ላይ ሲቀነስ የድጋፍ ይዘቱ 53 በመቶ ነው፤ መስፈርቱን በደንብ ያልፋል።

አሁን ሌላ ብድር እንውሰድ፦ ወለዱ 2 በመቶ፣ ጊዜው 20 ዓመት፣ እፎይታው 5 ዓመት። በጆሮ ሲሰማ በጣም ርካሽ ነው። ሲሰላ ግን የክፍያዎቹ የዛሬ ዋጋ 73 ሚሊዮን፣ የድጋፍ ይዘቱ 27 በመቶ ብቻ ነው፤ የአስተዳደርና የኮሚትመንት ክፍያ ሲጨመሩበት ደግሞ የበለጠ ይወርዳል። በመስፈርቱ ኮንሴሽናል አይደለም። ምክንያቱም ዋናው ብድር ቶሎ መመለስ ስለሚጀምርና ስለሚያልቅ ነው። ከወለዱ ይልቅ ጊዜው ብዙውን ክብደት ይሸከማል፤ የእፎይታና የመክፈያ ዓመታት ያልተነገሩበት «ዝቅተኛ ወለድ» የሚል ዜና ግማሽ መረጃ ነው።

አገሪቱ እያደገች ስትሄድ ውሉ ይለወጣል?

ሊለወጥ ይችላል፤ ይህን አንቀጽ ልብ የሚሉት ጥቂቶች ናቸው። የአይዳ ስምምነቶች ክፍያን የሚያፋጥን አንቀጽ አላቸው። የአገሪቱ የነፍስ ወከፍ ገቢ ባንኩ በየዓመቱ ከሚያወጣው ወሰን በላይ ከሆነና አገሪቱ ከዓለም ባንክ በመደበኛ ወለድ መበደር የምትችል ተብላ ከተገመገመች፣ ባንኩ የዋናውን ክፍያ በእጥፍ እንድትከፍል ሊጠይቅ ይችላል። በምሳሌያችን በየስድስት ወሩ 1,562,500 የነበረው 3,125,000 ዶላር ይሆናል ማለት ነው። የ38 ዓመቱ ተስፋ ስለዚህ የተሟላ ዋስትና አይደለም።

ክፍያ ቢዘገይ ምን ይሆናል?

እንደ አበዳሪው ይለያያል። ለዓለም ባንክ 60 ቀን ያለፈ ውዝፍ ካለ በአገሪቱ ላሉ ብድሮች ሁሉ ገንዘብ መልቀቅ ይቆማል፤ የአንድ ፕሮጀክት ውዝፍ የሌሎቹን ጤና ጣቢያና መንገድ ያቆማል። ባንኩ የራሱን ብድሮች የመክፈያ ጊዜ በድርድር አያሸጋሽግም፤ ስለዚህ መንግሥታት አስቀድመው የሚከፍሉት ለእርሱ ነው።

በንግድ ብድር ሁኔታው ሌላ ነው። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2016 የዩሮቦንዱን የስድስት ወር ወለድ፣ 33 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ሳትከፍል ቀርታለች። ከዚያ በኋላ ያለው ጉዳይ ከቦንድ ባለቤቶች ጋር የሚደረግ ድርድር ሆነ። ከሌሎች መንግሥታት የተወሰዱ ብድሮች ደግሞ አበዳሪ መንግሥታት በአንድነት በሚደራደሩበት የቡድን 20 የጋራ ማዕቀፍ ለብቻ ድርድር ይደረግባቸዋል።

ሙሉ ስምምነቱን የት አገኛለሁ፣ ምኑን ልፈልግ?

በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የሚወጣው የማጽደቂያ አዋጅ አጭር ነው፤ የብድሩን ቁጥር፣ የተፈረመበትን ቀንና መጠኑን ይናገራል እንጂ የክፍያ ሠንጠረዡን አይዘረዝርም። የዓለም ባንክ ስምምነቶች በባንኩ ድረ ገጽ ላይ ይገኛሉ፤ በአዋጁ ላይ ባለው የብድር ቁጥር ወይም በፕሮጀክቱ ስም መፈለግ ይቻላል።

ሰነዱን ሲከፍቱ በመጀመሪያ ስለ ብድሩ የሚናገረውን ክፍል ይመልከቱ፤ የገንዘቡ ዓይነት፣ የአገልግሎት ክፍያውና የኮሚትመንት ክፍያው ጣሪያ እዚያ ናቸው። ከዚያ ወደ መጨረሻው የአመላለስ ሠንጠረዥ ይሂዱና የመጀመሪያውን የዋና ብድር ክፍያ ቀን ያግኙ። ያንን ቀን ከፕሮጀክቱ መዝጊያ ቀን ጋር ጎን ለጎን ያስቀምጡ። በመካከላቸው ያለው ጊዜ ፕሮጀክቱ ከተጠናቀቀ በኋላ የቀረ እፎይታ ነው። ልዩነቱ ከአንድ ዓመት ያነሰ ከሆነ በግንባታው ላይ የሚፈጠር ማንኛውም መዘግየት ያንን ጊዜ ይበላዋል። የመዝጊያ ቀኑ ከመጀመሪያው ክፍያ በኋላ ከሆነ ደግሞ ዋናው ብድር መመለስ የሚጀምረው ገንዘቡ ገና ወጥቶ ሳያልቅ ነው።